ተቀምጦ የሚለበስ ሱሪ

ሰፈሩ «ሊቀመንበር» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ የታክሲ ሾፌር ነው። ከተሽከርካሪ ወንበሯ ሳትነሳ ያንን ሁሉ ወንድ በስልክ ስታዝዝና ስትቆጣ ቢሰማ፣ «ይቺስ ስብሰባ ልትመራ ነው የተፈጠረችው» አለና ለጠፈባት። እሷም አልከፋትም። «ምስኪን» ከሚሏት ይሻላል። ምስኪን ያላትን ሰው ትይዘዋለች፤ ቂሟ ደግሞ እንደ በርበሬ ሲቆይ ነው የሚብሰው።

ድሮ እንደ ማንም ቆማ ትሄድ ነበር። በምትሠራበት ሕንፃ ውስጥ መደገፊያ ያልተሠራለት ደረጃ ነበር። ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም ምንም አላለም። አንድ ጠዋት ካርቶን ተሸክማ ስትወርድ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ከወገቧ በታች ያለው አካል የእሷ ይሁን የሌላ ሰው አይሰማትም። የሕንፃው ባለቤት «የእድል ነገር ነው» አለ። እድል! ሲሚንቶውን ቆጥቦ መደገፊያ ያልሠራው እድል የሚባል ሰው ይመስል።

አሁን ሥራዋ የታክሲ ስምሪት ነው። ማዳመጫውን በጆሮዋ ሰክታ ቤቷ ቁጭ ብላ ታክሲ የሚፈልገውን ሰው ስልክ ትቀበላለች፤ ቅርብ ያለውን ሾፌር ትጠራና ትልካለች። ሾፌሮቹን በመልክ ሳይሆን በድምፅ ነው የምታውቃቸው። ማን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እንዳደረ፣ ማን ሳይበላ እንደወጣ በ«አቤት» አባባሉ ትለያለች። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይደርሳል፤ መድኃኒት ጋ ሲደርስ ግን ያጥራል። ስለዚህ ከስልኩ ጎን የሚሠራ ሌላ ሥራ ያስፈልጋት ነበር።

ይህን አንድ ቀን ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። ተሳስታለች። በእረፍት ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ መጣ፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበርም አልጋም ሳይቀር ያዙና ስለ እሷ ይመክሩ ጀመር። እሷ እዚያው መሃላቸው ተቀምጣ ሳለ።

«ዶሮ ታርባ» አለ ወንድሟ። «ዶሮ ምን ይፈልጋል? ጥሬ መበተን ነው።»

«ኩሱንስ ማን ይጠርጋል?» አለች ሊቀመንበር። «አንዷ አምልጣ አልጋ ሥር ብትገባ ተከትያት ልግባ?»

ሰዉ ሳቀ። ወንድሟ አልሳቀም። ሐሳቡ ጥሩ መስሎት ነበር።

«በመስኮት ሳሙናና ክብሪት ትሽጥ» አለች አክስቷ።

«አክስቴ፣ መስኮቱ ጋ ስሄድ ስልኩ ይጮሃል፤ ስልኩን ሳነሳ ሳሙናውን ይዞ የሚሮጠውን ማን ይይዝልኛል?»

«እንግዲያው ሹራብ!»

«ሠርቻለሁ። አንዱን ሹራብ ለመጨረስ ስንት ጊዜ ትፈጂያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ‹ተቀምጠሽ ነው፣ ምን ይደክምሻል› ብለው በክሩ ዋጋ ወሰዱት።»

ይሄ ነው ነገሩ። የተቀመጠ ሰው አይደክመውም ይላሉ። የተቀመጠ ሰው ጊዜው ነፃ ነው ይላሉ። ሊቀመንበር ግን ማንም ሳይጠይቃት አስባ የጨረሰችው ነገር ነበር። የምትሠራው ሥራ እጇ ከሚደርስበት ማለፍ የለበትም። ስልኩ ሲጮህ ጣል ሲደረግ የሚበላሽ፣ የሚያር፣ የሚገነፍል መሆን የለበትም። ከወንበሯ አልፎ የሚወጣ ዕቃ ካለው ደግሞ ደንበኛው ራሱ መጥቶ የሚወስደው ይሁን። ከሁሉ በላይ በየመሃሉ በክንዶቿ ወንበሩን ተደግፋ ገላዋን ከመቀመጫው ከፍ ማድረግ አለባት፤ የማይሰማ ገላ ሳይታወቅ ይቆስላልና። አንዴ ቆስሎባት ሆስፒታል ተኝታለች። እንግዲህ እጇን ሰቅዞ የሚይዝ፣ ፋታ የማይሰጥ ሥራ ብር ቢዘንብበትም ለእሷ አይሆንም። ይህን ሁሉ ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት የእህቷ ባል ቀደማት።

የእህቷ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ሰርግም ለቅሶም የሚሄድ ሰው ስለሆነ «ባለ ሜትሩ» ይሉታል። ዋናው መንገድ ላይ፣ ከሊቀመንበር መስኮት ራቅ ብሎ የሚታይ ሱቅ አለው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን ታስጨንቋታላችሁ? እኔ አለሁ አይደል? የሸሚዝ ቁልፍ እልክላታለሁ፣ ትትከል። ቀላል ነው፤ ጭንቅላት አይፈልግም። እሷም ትውላለች፣ እኔም ጽድቅ አገኛለሁ።»

ዘመዱ ሁሉ «ተባረክ!» አለ። እህቷ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«እሺ ጋሼ» አለች ሊቀመንበር። ያን ቀን አልተቆጣችም። ጽድቅ የምትለዋን ቃል ብቻ ወስዳ አስቀመጠቻት።

ቁልፉን ተከለች። ቁልፍ እየተከለች ግን ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ሆስፒታል ያስተኛትን ቁስል ያመጣው የሱሪዋ የኋላ ኪስ ነው። ወፍራም ስፌት፣ የብረት ቁልፍ፣ ከሥሩ የማይሰማ ገላ። ከሆስፒታል እንደወጣች ሱሪዎቿን ፈታ እንደ አዲስ ሰፋቻቸው። ተቀምጣ ስለምትውል ከኋላ ወገቡን ከፍ አደረገችው፤ ከፊት ሆዷን እንዳይቆርጣት ዝቅ አደረገችው። የኋላ ኪሱን ነቅላ ጣለችው፤ ኪሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። እግሩ ሲቀመጡ ስለሚሰበሰብ ርዝመት ጨመረችለት። የስፌት መኪናዋ የኤሌክትሪክ ነው፤ የእግር መርገጫውን ጠረጴዛው ላይ አሰረችና በክርኗ ትጫነዋለች። መጀመሪያ ሰሞን መርፌው እየጋለበ ጣቷን ሊበላት ነበር። አሁን ክርኗ ከብዙ ሰው እግር ይሻላል። ቀሚስ አትሰፋም፤ የቀሚስ ጨርቅ ሰፊ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ዞሮ የሚቆርጥ እግርም ይፈልጋል። የሱሪ እግር ግን ጠባብ ነው፤ እጇ ከዳር እዳር ይደርሳል።

አንድ ቀን ያ ስም ያወጣላት ሾፌር የተበላሸ ማዳመጫዋን ለውጦላት ሊያደርስ መጣ። ገና እንደተቀመጠ ወገቡን ይዞ አቃሰተ።

«ምን ሆንክ?»

«ሱሪው ነዋ! ስነዳ ስውል ሆዴን እንደ ገመድ ያስረኛል። ከኋላ ደግሞ ይወርድና ለተሳፋሪ ሁሉ ትርኢት እሆናለሁ። ትናንት አንዲት ትልቅ ሴት ‹ልጄ፣ ሸሚዝህን አስገባ፣ ጀርባህን ብርድ ይመታሃል› ብለው አሳፈሩኝ።»

ሊቀመንበር መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሱሪውን አየችው። ይህን ቅሬታ ከስንቱ ሾፌር ሰምታለች! ቀኑን ሙሉ ስትሰማው የኖረችው ነገር አሁን ገና ገባት። እነሱም ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ልብሳቸውን ግን የሚሰፋላቸው ሰው አቁሞ ነው የሚለካቸው።

«አትነሳ» አለችው፤ ሜትር አወጣች። «እዛው ተቀመጥ። እንደምትነዳ ሆነህ ተቀመጥ።»

«ልብስ ሰፊ ሁሉ ቁም ነው የሚለው እኮ።»

«እኔ ቁም ብዬህ የት ልደርስ? ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

እንደተቀመጠ ለካችው። ሾፌሩ ወርዶ ዕቃም ስለሚጭን ወገቡን ከኋላ የራሷን ያህል አላነሳችውም፤ ትንሽ ከፍ አድርጋ የቀረውን ለላስቲክ ተወችው። ኪሱን በግራ ጭኑ ላይ ብቻ አደረገችው፤ በቀኝ በኩል የመቀመጫ ቀበቶው መቆለፊያ ስለሚገባበት ዝርዝር ሲያወጣ ይታገላል። ሱሪውን ለብሶ አንድ ቀን ነዳ። ማታ ስልክ ሲደውል ድምፁ ተለውጧል።

«ሊቀመንበር፣ ዛሬ ሆዴ የራሴ ሆኖ ዋለ!»

በዚያ ሳምንት ሌላው መጣ፣ ቀጥሎ ሌላው። ሾፌሮች ተሳፋሪ ሲያደርሱ በደጇ ያልፋሉ፤ ጨርቅ ያመጣሉ፣ ተቀምጠው ይለካሉ፣ ሲያልቅ ራሳቸው ይወስዳሉ። ስልኩ ሲጮህ ጨርቁ ይጠብቃል። የምትፈልገው ሥራ ከአፍንጫዋ ሥር ተገኘ። ያ ሁሉ መካሪ የት ነበር? ዶሮ እያሰላ ነበር።

ባለ ሜትሩ ቁልፍ የተተከለላቸውን ሸሚዞች ሊወስድ ሲመጣ ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋውን ሱሪ አየ። ሱሪው የሚቆረጥበትን የወረቀት ልክም አየ። አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለሾፌሮች የምሰፋው ነው ጋሼ።»

«አንቺ?» ሳቀ። «ወረቀቱ እኮ ስስ ነው፣ ሊቀደድብሽ ነው። ስጪኝ በካርቶን ላይ ላስገልብጥልሽ።»

ሰጠችው። ዘመድ አይደል? እህቷ አጠገቡ ቆማ ሸሚዞቹን ታጥፋለች፤ የእህቷ እጅ አንዴ ቆም ሲል አይታዋለች፣ ልብ አላለችውም።

ካርቶኑ አልመጣም። «ነገ» አለ። «ሥራ በዛብኝ» አለ። እሷ ከተረፏት ሱሪዎች ላይ እንደገና ልክ አወጣች። በመሃሉ የምትሠራበት የታክሲ ድርጅት ሾፌሮቹን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ሊያለብስ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጇ ጠንካራ ሴትዮ ናት፤ ልብስ ሰፊዎች ናሙና ይዘው እንዲቀርቡ አስታወቀች። ሊቀመንበር ልቧ ዘለለ። ያ ሥራ የእሷ ነው። ከእሷ በቀር ማን ሊያውቀው?

ክፉውን ወሬ ያመጣላት ያው ሾፌር ነው።

«ሊቀመንበር፣ አትቆጪ።»

«እንዲህ ሲጀመር ተቆጥቻለሁ። ተናገር።»

«ባለ ሜትሩ ሱቅ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ‹ለሾፌር የሚሆን ሱሪ ፈጥሬያለሁ፣ የኋላ ኪስ የሌለው፣ ኪሱ ጭኑ ላይ› እያለ ለሰው ያወራል። እኔ ‹ይሄማ የሊቀመንበር ነው› ስለው...»

«ምን አለህ?»

ሾፌሩ አንገቱን አከከ። «‹እሷማ የሚስቴ እህት ናት፣ ምስኪን፣ ለነፍሴ ብዬ ቁልፍ አስተክላታለሁ› አለኝ።»

ሊቀመንበር የስፌት መኪናዋን በክርኗ ተጫነችው፤ መርፌው ጨርቅ በሌለበት በባዶው ተንጣጣ። አየህ፣ ሰርቆህ የሚሄድ ሌባ አለ፤ ደጉ እሱ ነው። ሰርቆህ ሲያበቃ እንደ ቸር ሰው ራስህን የሚዳብስህ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ለእሱ ሕግ አልወጣለትም። ሕጉን እሷ ልታወጣለት ወሰነች፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አላወቀችም።

መንገዱን ይዞላት የመጣው ባለ ሜትሩ ራሱ ነው። ናሙና የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ ስልክ ደወለ፤ ድምፁ ማር ማር ይላል።

«እንዴት ነሽ የኔ እህት? ያቺን ልክሽን እኮ ለአንድ ሰው ሰፋሁባት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ጠይቅ ጋሼ።»

«አሻንጉሊቷ ላይ ሳለብሳት ታስጠላለች። ከኋላ ተነፍቶ እንደ ጆንያ ይንጠለጠላል፤ ከፊት ወገቡ ይወርዳል፤ እግሩም መሬት ይጠርጋል። ተሳስተሽ ነው አይደል? ቆመሽ ስለማታዪው ነው።»

ሱቁ በር ላይ የምትቆመው የላስቲክ አሻንጉሊት ናት። ጉልበት የላትም፣ አትታጠፍም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ነው የኖረችው። ተቀምጦ የሚለበስ ሱሪ ለቆመ ሰው ሲያለብሱት ማስጠላቱ ያለ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ልክ መሆኑ የሚታወቀው። እንዲህ ብላ ልታስረዳው ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ፤ እዚያው ያዘችው።

«ተሳስቼ ይሆናል ጋሼ» አለች። «አንተ ታውቃለህ። ልብስ ሰፊው አንተ።»

«እንዲያውም ገብቶኛል። ከኋላ እቆርጠዋለሁ፣ ከፊት አነሳዋለሁ፣ እግሩን አሳጥረዋለሁ። የኋላ ኪስም ልጨምርበት፤ ያለ ኪስ ሱሪ ራቁት ይመስላል።»

«በጣም ያምርበታል» አለችና ስልኩን ዘጋች። ያን ቀን ለደወለው ተሳፋሪ ሁሉ በጣም በጨዋ ድምፅ መለሰች። ደስ ብሏት ነበር። ደስታው ጥሩ ደስታ አልነበረም፤ ግን የራሷ ነበር።

ናሙና በሚቀርብበት ቀን ሾፌሩ መጥቶ ወሰዳት። ከወንበሯ ወደ መኪናው መቀመጫ የምትሻገርባት ለስላሳ ሳንቃ አለቻት፤ ሳንቃዋን አስደግፋ በክንዷ ተንሸራታ ገባች። ሾፌሩ «ላንሳሽ» ሲላት «ዕቃ ነኝ?» አለችው፤ ወንበሯን አጥፎ ከኋላ ጫነ።

የድርጅቱ ግቢ በታክሲ ተሞልቷል። ሾፌሮቹ በአንድ በኩል ቆመው ያወራሉ፤ ብዙዎቹ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ናቸው። «አቤት፣ ሊቀመንበር!» እያሉ በድምፃቸው ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ባለ ሜትሩ አሻንጉሊቷን ከነሱሪዋ አስጭኖ መጥቷል። እህቷ ጥግ ላይ የልብስ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ባለ ሜትሩ ሊቀመንበርን ሲያይ ተገረመ፤ ወዲያው ፈገግ አለ።

«ምነው ተቸገርሽ? እኔ እነግርሽ አልነበር?»

«ናሙና ላሳይ ነው ጋሼ።»

ፈገግታው ትንሽ ጠበበ።

ሥራ አስኪያጇ መጣች፤ ኮስታራ ናት፣ ሰላምታዋም አጭር። የባለ ሜትሩን ሱሪ አንድ ቀጭን ሾፌር ለብሶ ቆመላት። ያምራል። ከኋላ ልጥፍ፣ ከፊት ቀጥ፣ እግሩ ጫማው ላይ ስልት ይዞ ያርፋል። የሊቀመንበርን ደግሞ ያው ሾፌሯ ለብሶ ቆመ። ከኋላው እንደ ጆንያ ተነፋ። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ አንዱ «ይሄ ሱሪ ነው ወይስ የድንች ከረጢት?» አለ።

«ይቅርታ አድርጊላት እመቤቴ» አለ ባለ ሜትሩ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ዘመዴ ናት። እንዳየሽው ናት። ቆማ ስለማታየው ነው፤ የእሷ ጥፋት አይደለም።»

ሥራ አስኪያጇ ሊቀመንበርን አየቻት፤ ያ የምታውቀው የማዘን አስተያየት መጣ። ሊቀመንበር ጥርሷን ነከሰች።

«እትዬ፣ ሾፌሮችሽ ቆመው ነው የሚነዱት?» አለች።

ሾፌሮቹ ሳቃቸውን አቋርጠው ወደ እሷ ዞሩ።

«አይደለም» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«እንግዲያው ሁለቱም መኪና ውስጥ ይቀመጡ። ቀበቶ ይሰሩ። ከኋላ ወንበር ዕቃ አንስተው ለተሳፋሪ ያቀብሉ። ከኪሳቸው ዝርዝር ያውጡ። ከዚያ ወዲያ የቱ ሱሪ፣ የቱ ከረጢት እንደሆነ እናያለን።»

ሁለቱ ሾፌሮች ገቡ። የሊቀመንበር ሱሪ እንደተቀመጠ በቦታው ገባ፤ ጆንያው ጠፋ፣ ወገቡ ጀርባውን ያዘ፣ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ተጠማዞ ዕቃ አነሳ፤ ሸሚዙ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀጭኑ ሾፌር ግን ገና ሲቀመጥ «ውይ!» አለ። ከፊት ወገቡ ሆዱ ውስጥ ገባ። እግሩ ሽቅብ ሸሽቶ ካልሲው አለቀና ቅልጥሙ ታየ። ወደ ኋላ ሲጠማዘዝ ሱሪው ወረደ፤ ከኋላ ያሉት ሾፌሮች መታየት የሌለበትን ነገር አይተው ፉጨት በፉጨት ሆኑ።

«የኋላ ኪሱስ?» አለች ሊቀመንበር።

«ስልኬ እየወጋኝ ነው» አለ ቀጭኑ ሾፌር ከውስጥ። «ልውጣ? እባካችሁ ልውጣ!»

ባለ ሜትሩ ላቡን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ይስተካከላል። ልኩን እኔው ነኝ የፈጠርኩት፣ አውቀዋለሁ።»

ሊቀመንበር ወንበሯን ገፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቆመች ስል ወንበሯ ላይ ነች፤ ያን ያህል የቆመ ሰው ግን በዚያ ግቢ አልነበረም።

«አንተ ከፈጠርከው አንድ ነገር ንገረን። ኪሱ ለምን በግራ ጭን ላይ ብቻ ሆነ?»

ባለ ሜትሩ ሱሪውን አየ፤ ኪሱን እንዳለ ገልብጦት ነበር።

«ለ... ለውበት ነው።»

ሾፌሮቹ በአንድ ላይ ፈነዱ። «በቀኝ ቀበቶው ነዋ!» አለ አንዱ፣ «መቆለፊያው ሥር እጅ ይገባል?» ሌላው «ውበቱን ለተሳፋሪው አሳየው!» አለ። ሥራ አስኪያጇ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ልኬን ከጠረጴዛዬ ወሰድክ» አለች ሊቀመንበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ስልክ ላይ ሾፌር ስትቆጣ እንደምታደርገው ዝቅ አድርጋ ነው። «በካርቶን ላስገልብጥልሽ አልክ። ለሰው ምስኪን ናት ብለህ አወራህ። ደውለህ ‹ተሳስተሽ ነው?› ስትለኝ አልተሳሳትኩም ነበር። ዝም አልኩህ። ቆርጠህ እንድታበላሸው ዝም አልኩህ። አሁን ንገረኝ ጋሼ፣ የሰረቅከኝም ለነፍስህ ብለህ ነው?»

ባለ ሜትሩ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ኪሱ ከተተ። እህቷ ጥግ ላይ ቆማ ሻንጣውን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች፤ ማንንም አላየችም።

ሥራ አስኪያጇ ብዙ አልተናገረችም። «ብቻሽን ትወጪዋለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«ሁሉንም ባንዴ አልልም። በየጊዜው በጥቂት በጥቂት አስረክባለሁ። መጀመሪያ የሚረከቡት ብዙ ሰዓት የሚነዱት ይሁኑ። ልካቸውን እኔ ቤት ተቀምጠው ነው የምወስደው። ስፌት የሚያግዘኝ ሰውም እፈልጋለሁ።»

«የሚያግዝሽን ራስሽ ምረጪ» አለች ሥራ አስኪያጇ፤ ተስማሙ።

በማግሥቱ እህቷ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ማታ እህል አልቀመሰም» አለች።

«ማን ከለከለው? ይብላ።»

«በሰው ፊት አዋረድሽው።»

«በሰው ፊት ነዋ ምስኪን ያለኝ።»

«ስህተቱን ብትነግሪው ምን ነበር? አንድ ቃል ነው።»

ሊቀመንበር ክር እየሳበች ነበር፤ እጇ አልቆመም። «አንድ ቃል ነው እትዬ። እውነትሽን ነው። አንቺስ ልኬን ሲወስድ አጠገቡ ነበርሽ፤ አንድ ቃል ነበር።»

እህቷ ይሄንን አልጠበቀችም። በሩን ተደገፈች። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር።

«ከሱቁ የሚወጣውን ሱሪ ሁሉ እግሩን የማጥፈው እኔ ነኝ። ዚፑንም፣ ወገቡንም። ‹ባለ ሜትሩ እጁ ወርቅ ነው› ሲሉት እኔ መጋረጃው ጀርባ ነኝ። አንድ ቀን ስሜን ጠርቶ አያውቅም። አንቺ ዘንድ መጥቼ ‹ለእሱ ትንሽ ሥራ ስጪው› እንድል ነበር የላከኝ።»

«ለእሱ አልሰጥም። አንገቴን ቁረጪው፣ ለእሱ አልሰጥም።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩ ጮኸ፤ ሊቀመንበር አንስታ አንዱን ሾፌር ላከችና ዘጋች። ከዚያ እህቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ባለ ሜትሩን ከሥራ ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ ከሱቁ የሚወጣውን ልብስ የምትሰፋውን ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ማውጣት ግን ሌላ ነው። ቂሟ ከፊቷ ተቀምጦ እየሳቀ ያያት ያህል ተሰማት።

«የስፌት መኪናሽ የማን ነው?» አለች።

«እናታችን ለሰርጌ የገዛችልኝ።»

«አምጪው። በስምሽ ትሠሪያለሽ፣ ሾፌሮቹም ስምሽን ይጠሩታል። እሱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ማን እንደነበረ ራሱ የሱሪ እግር ሲያጥፍ ይወቀው።»

«ይጣላኛል።»

«ይጣላሽ። ከእኔ ጋር ስትጣዪ ግን ዝም አትበዪኝ፤ ጩሂብኝ። ዝም የሚል ሰው ሰልችቶኛል።»

እህቷ ሄደች። ሊቀመንበር ትመለሳለች ብላ አላመነችም፤ ጨርቁን መቁረጥ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ የመንገዱ ሰው ድምፅ ሰማች፤ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ገፋች። ያ ስም ያወጣላት ሾፌር ታክሲውን ሱቁ ጋ አቁሞ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ የእህቷን የስፌት መኪና ራስ አስገብቷል። እህቷ ከጎኑ ነጠላዋን አጥብቃ ቆማለች። ባለ ሜትሩ ሱቁ በር ላይ ከአሻንጉሊቷ ጎን ወጥቷል። «የት ነው?» ይላል። «የት ነው የምትወስጂው? ዛሬ የሚወጣ ልብስ አለብኝ እኮ!»

እህቷ ዞራ አላየችውም። ታክሲው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና፣ ሾፌሩ መኪናውን አስነስቶ ሲዞር በተከፈተው መስኮት አንገቷን አውጥታ በመንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«እግሩን ራስህ እጠፈው!»

ሊቀመንበር መስኮቱ ላይ ሆና በክንዶቿ ገላዋን ከወንበሩ ከፍ አደረገች፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና። ከፍ እንዳለች ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ላይ ሆና ባለ ሜትሩን አየችው።